ፎቶው ላይ ያማረው ቁርጥ ሲታጠብ

«ጸጉሬን እስከ አገጬ ላስቆርጠው ፈልጌ በአፕ ሰልፊዬ ላይ ሞከርኩት፣ አምሮብኛል። አምኜው ልቆረጥ?»

እህቴ፣ ጸጉርሽ የሚጠቀለል ዓይነት ከሆነ ቆይ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሳሎን ገብቼ እንዳንቺው የአፕ ፎቶ አሳይቼ ተቆርጫለሁ። ጸጉሬ ተተኩሶ ስለነበር ልክ እንደ ፎቶው ከአገጬ ሁለት ሳንቲም ወርዶ ቀረ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ በማግስቱ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ጫፉ መሰብሰብ ጀመረ። እሁድ ሳጥበው ከከንፈሬ ጎን ወጥቶ ተቀመጠ፣ ጎኑም እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሄድ «ማን ቀጣሽ?» አለችኝ።

አፑ የተተኮሰ ጸጉር ነው የሚስልልሽ፤ የአንቺ ሲታጠብ ስንት እንደሚያጥር አያውቅም። እሱን ራስሽ ለኪ። ታጥቦ ሳይተኮስ ከደረቀ ጸጉርሽ ከጆሮ ፊት አንድ ዘለላ ያዢና ከሥሩ እስከ ጫፉ ሳትጎትቺው ለኪው፤ ከዚያ ወጥረሽ ለኪው። የእኔ ሲወጠር 30፣ ሲለቀቅ 20 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ሲሶው ይጠፋል ማለት ነው። ከዚያው ቦታ እስከ አገጬ 18 ነው። ያኔ ከ30ው 10 ስላስቆረጥኩ የቀረው 20፣ ሲታጠብ 13 ሆነ። ሳይተኮስ አገጬ ላይ እንዲያርፍ 27 መቅረት ነበረበት፤ መቁረጥ የነበረብኝ 3 ብቻ ነው!

ለሙከራው አፑን ተይውና ሁለት ፎቶ አንሺ። ስልኩን መስኮት ላይ አስደግፈሽ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብለሽ፣ በሰዓት ቆጣሪው። በክንድ ርቀት የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያተልቃል፣ የመንጋጋን ጎን ያጠብባል፤ የአገጭ ቁርጥ የሚታየው ደግሞ እዚያው መንጋጋ ላይ ነው። አንዱን ጸጉርሽን ሳትተኮሺ ፈትተሽ፣ ሌላውን ወደ ኋላ አስረሽ፣ ከቦታሽ ሳትንቀሳቀሺ። በፈታሽው ፎቶ ላይ ማስመሪያ ከጉንጭሽ ጎን ያዢ፤ ከፊትሽ ቀድሞ ከወጣ ልኩ ይሳሳታል። ከዚያ ሌየር ባለው ማንኛውም የፎቶ አፕ የታሰረውን ከታች፣ የተፈታውን ከላይ አድርጊና የላይኛውን ጫፍ በኢሬዘር አጥፊው። አንገትሽና ትከሻሽ ከታች እውነተኛው ይወጣል፣ መሳል አያስፈልግሽም። ስንት ሳንቲም እንዳጠፋሽ በማስመሪያው ቁጠሪ። ግን ይህ ሳይወጠር የታየ ቁጥር ነው፤ እንደ እኔ ሲሶ የሚያጥር ከሆነ 2 ሳንቲም ያጠፋሽው ተወጥሮ ሲለካ 3 ነው።

የማያሳይሽ አንድ ነገር አለ፦ ጸጉር ሲያጥር ክብደቱ ይቀንሳልና ከበፊቱ ትንሽ ወደ ላይ ይሰበሰባል። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ለዚህ አንድ ሳንቲም ትርፍ አስቀረሁ። ለሠሪዋም «አገጭ ድረስ» አላልኳትም፤ «ሳይተኮስ አገጭ፣ ተወጥሮ 28» ብዬ ፎቶውን አሳየኋት።