ድብቅ ልደት፦ የቡድኑ ስም፣ የሰበቡ ነገርና የሥራ ክፍፍሉ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ልደት ቴሌግራም ላይ «የልደት ዝግጅት» የሚል ቡድን ከፍቻለሁ። እሷ እስካልገባች ድረስ ችግር አለው?

መልስ፦ እሷ ቡድኑን አታየውም፤ የእርስዎን ስልክ ግን ታያለች። ስልኩ ተቆልፎ እንኳ መልእክት ሲገባ የቡድኑ ስም ብቅ ሊል ይችላል። ስሙ አሰልቺና የማትጠይቅበት ይሁን። «ዕቁብ» ካሉት «የትኛው ዕቁብ?» ማለቷ አይቀርም፤ «የመኪና መለዋወጫ» ይሻላል። ምስሉንም ከቤተሰቡ ቡድን ፈጽሞ የተለየ ያድርጉት፤ በችኮላ ወደዚያ የሚልክ ዘመድ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ተሳስቼ ብልክ ወዲያው አጠፋዋለሁ። ይህን ያህል ምን ያስፈራል?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ቴሌግራም ላይ ለሁሉም ካጠፉት ምልክት አይተውም፤ ዋትስአፕ ግን መልእክት መሰረዙን ይናገራል። ቀድማ ካነበበችው ሁለቱም አያድኑዎትም። ስለዚህ ስሟንና «ልደት» የሚለውን ቃል ከናካቴው አይጻፉ። «ዕቃው 10 ሰዓት ይደርሳል» የሚል መልእክት የትም ቢገባ ማንንም አያስደነግጥም።

ጥያቄ፦ «እናትሽ ታመዋል» ብለን ብናመጣትስ?

መልስ፦ በፍጹም! መንገድ ላይ ለእናቷ ትደውላለች፣ ካልተነሳላት ደግሞ እያለቀሰች በቤት ልብስ ትደርሳለች። ሰበቡ ብትመረምረው እውነት ሆኖ የሚገኝ ይሁን። ለምሳሌ ጓደኛዋ ለቅዳሜ 11 ሰዓት ቡና ትጥራት፤ ቡናውም በእርግጥ ይፈላ። «ሌሎች እንግዶችም አሉ» ብትላት ለብሳና ተሠርታ ትመጣለች። ሰበቡን የምትናገረው ጓደኛዋ ብቻ ናት፤ የቀራችሁት ከተጠየቃችሁ «እኔ አላውቅም፣ እሷን ጠይቂያት» በሉ። ሁለት ሰው ሲያስረዳ ታሪኩ ይጣረሳል። እርስዎም ጠዋት «እንኳን ተወለድሽ» ይበሏት፤ ጭራሽ የረሳ ባል ያስጠረጥራል።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ ዋሽንግተን ነኝ፤ በቪዲዮ ልገባ ነው። 11 ሰዓት ሲባል ሌሊት ነው እንዴ? እኔ ጋ ሰው ሁሉ ተኝቷል።

መልስ፦ የአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 11 ነው። በበጋ ሰዓታችሁ ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነ ስልክዎ ጠዋት 10:00 ሲል ይግቡ፤ በክረምታችሁ ግን 9:00 ላይ።

ጥያቄ፦ ሥራውን እንዴት እንከፋፈል? መዋጮው ወደ እኔና ባለቤቴ የጋራ ሒሳብ ቢገባ ይቀላል።

መልስ፦ የባንኩ መልእክት እሷም ስልክ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ሌላ ገንዘብ ያዥ ይምረጡ። ኬክ የሚያመጣ አንድ ሰው፣ እንግዶችን ቀድሞ የሚያስገባ አንድ ሰው ይበቃል። መኪኖች በሩ ላይ አይቁሙ። ይዟት የሚመጣው ሌላ ሥራ አይኑረው፤ ሲነሱና ሊደርሱ ሲሉ አጭር መልእክት ይላክ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጃችንስ ትወቅ?

መልስ፦ እኔ በዕለቱ፣ ከቤት ስትወጡ ብቻ እነግራታለሁ።

ሌላ አባል፦ የእኔ ልጅ ምስጢሩን ሳምንት ሙሉ ጠብቃለች። ኬኩን የመምረጥ ሥራ ሰጥቻት ነበር።

መልስ፦ የእርስዎ ልጅ ትችል ይሆናል። የእኔዋ እራት ላይ ታወጣዋለች።