ፊሽካ ሲነፋ ኳሱም እንዲቆም

«ሜዳ ላይ ፊሽካ ስነፋ ግማሾቹ ይቆማሉ፣ ግማሾቹ ኳስ መምታታቸውን ይቀጥላሉ። ምን ላድርግ?»

ኳስ እግሩ ሥር ያለ ልጅ መንካቱ አይቀርም። ስለዚህ ምልክቱ ኳሱ የት እንደሚሆንም ይወስን፦ አንድ ረጅም ፊሽካ ሲሰማ ኳሱ በሁለቱ እግሮች መካከል መሬት ላይ፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ዓይን ወደ መምህሩ።

መጀመሪያ ያለ ኳስ ያለማምዷቸው። በዝግታ እየሮጡ ሳለ ይንፉና እስከ 5 ይቁጠሩ፤ ሁሉም በ5 ከቆሙ ኳስ ይስጧቸው፣ ካልሆነ ሳይቆጡ ይድገሙት። እኔ ኳሱን ቀድሜ ስለሰጠሁ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ባክኖብኛል።

ፊሽካው ለማቆም ብቻ ይሁን። ለማስጀመርም ለመገሠጽም ከነፉት ትርጉሙ ይጠፋቸዋል። ለማስጀመር ቃል ይበቃል፤ ቃሉ ግን ከትእዛዙ ይቅደም፦ «‹ጀምሩ› ስል፣ ኳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ቢጫው ኮን ትሄዳላችሁ። ጀምሩ!» «ኳሳችሁን ይዛችሁ...» ብለው ከጀመሩ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ግማሾቹ ሄደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሲያስረዱ ፀሐይዋ በእርስዎ ፊት፣ በልጆቹ ጀርባ ትሁን። ዓይናቸውን እያጠበቡ የሚያዩትን ማሳያ አይከተሉትም። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ፊሽካው ሜዳው ዳር ላይደርስ ስለሚችል እጅዎንም አብረው ያንሡ።