የማሽን ትረካ መቼ ይለቀቅ?

«ቪዲዮዬን ኤዲት ጨርሼ በማሽን ድምፅ አስተረክሁት። ሮቦት ሮቦት እንደሚል በምን ልወቅ?»

ምስሉን ሸፍነህ ድምፁን ብቻ ስማ። ምስል ብዙ ጉድ ይደብቃል። ጆሮህን የዓረፍተ ነገሮቹ መጨረሻ ላይ ጣል። ሦስት አራቱ በተከታታይ በአንድ ዓይነት ዜማ ካለቁ፣ ገና አይለቀቅም።

ለምሳሌ «በሩ ተከፈተ። ማንም አልነበረም።» የሚለውን ማሽኑ አያይዞ ሊያነበው ይችላል። ለየብቻ አስነብባቸው። ሁለተኛውን ባዶው ክፍል ከታየ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ አስገባው። ክፍተቱን ግን ጭር አታድርገው፤ ከሥር የክፍሉ ድምፅ ይቀጥል፣ አለዚያ የተቆረጠ ይመስላል።

ማሽኑ ቁጥር አበላሽቶ ካነበበ ቁጥሩን በፊደል ጽፈህ እንደገና አስነብበው። ሐዘን ወይም ቁጣ ያለበትን ቦታ ግን ራስህ ብታነበው ይሻላል። እዚያ ላይ በማሽን መታገል ብዙም አያዋጣም።