«የፍርሃት ማዕከል» እና «ስሜትን መቆጣጠር»

ጥያቄ፦ «ስለ አንጎል በሚጻፉ ጽሑፎች ‹አሚግዳላ የፍርሃት ማዕከል ነው፤ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ደግሞ ስሜትን ይቆጣጠራል› የሚል ነገር ደጋግሜ አነባለሁ። ‹ይቆጣጠራል› ትክክል ነው? ወይስ ‹ይገታል› ወይም ‹ያረግባል› ልበል? መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው።»

መልስ፦ እኔ «ያረግባል» እላለሁ። ከግሱ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ «የፍርሃት ማዕከል» የሚለው ነው።

ፍርሃት ስሜት ነው። «ስሜት» የወጣው ከ«ሰማ» ነው፤ በግዕዙ ሰምዐ። ሕመምም፣ ደስታም፣ ፍርሃትም «ተሰማኝ» እንላለን። ስለዚህ የሚሰማው ሰው ከሌለ ስሜት የለም። አሚግዳላ ግን ሰውየው ገና ምንም ሳይሰማው ሥራ ይጀምራል። አደጋ የሚመስል ነገር ሲገኝ ልብ እንዲመታ፣ ጡንቻ እንዲወጠር ያደርጋል። (ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ በቅርጹ የተነሳ በአልሞንድ ፍሬ ስም ተጠራ። ያን ፍሬ ዐረቦች «ለውዝ» ይሉታል። የእኛ «ለውዝ» ግን ኦቾሎኒ ሆኗልና፣ «የለውዝ ቅርጽ» ብለው ቢጽፉ ተማሪዎችዎ ሌላ ነገር ያስባሉ። አሚግዳላ ብለው ይተዉት።)

«ማዕከል» የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ቀላል ነው፤ አሚግዳላ ከሌለ ፍርሃት የለም ይላሉ። ለዚህም ኤስ ኤም በሚል ምሕጻረ ስም የምትታወቀውን አሜሪካዊት ይጠቅሳሉ። ኧርባክ-ቪተ የሚባል ብርቅ በሽታ የግራም የቀኝም አሚግዳላዋን አጥፍቶባታል። ተመራማሪዎች እባብ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰዷት፤ እባቡን በእጇ ይዛ በጉጉት ታገላብጠው ጀመር። እስከዚህ ድረስ ለእነሱ ይመሰክራል። ነገር ግን በ2013 በታተመ ጥናት እሷና ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸው ሁለት እህትማማች መንትዮች፣ 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር በጭምብል እንዲስቡ ተደረገ። ሦስቱም በድንጋጤ ታፈኑ። አሚግዳላ ሳይኖር ፍርሃት መጣ! ከውጭ የሚመጣን አደጋ ለመለየት አሚግዳላ ያስፈልጋል፤ ከገዛ ሰውነት ለሚነሳ የመታፈን ፍርሃት ግን ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። ማዕከል ቢሆን ኖሮ እሱ ሲጠፋ ሁሉም በጠፋ ነበር። «አደጋ ጠቋሚ» ቢሉት ይሻላል።

ወደ ግሱ ልመለስ። «ተቆጣጠረ» የ«ቆጠረ» ዘር ነው። መጀመሪያ ነገሩ ሂሳብ ነው፤ ተቆጣጣሪ ቆጥሮ፣ አመሳክሮ፣ የጎደለውን ይይዛል። «ቁጣ» እና «ቁጥጥር» አንድ ሥር አላቸው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም። «ቁጣ» ከግዕዙ ተቈጥዐ ነው፣ መጨረሻው ዐ ነበር፤ «ቆጠረ» ግን ር አለው። የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው።

ታዲያ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ፣ ማለትም ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል፣ እንዲህ ያለ አለቃ ነው? በአይጦች የተጠናውን እንመልከት። አንድ ድምፅ ይሰማና አይጧን ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ሲደጋገም ድምፁን ብቻ ሰምታ ድርቅ ትላለች። ከዚያ ድምፁ ያለ ንዝረት ደጋግሞ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ መድረቋን ትተዋለች። በማግስቱም ድምፁ አስጊ አለመሆኑን የምታስታውሰው በፕሪፍሮንታሉ የውስጠኛ ጎን በታችኛው ክፍል እገዛ ነው። ይህ ክፍል አሚግዳላ ውስጥ ያሉ ጸጥ የማድረግ ሥራ ያላቸውን ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ የፍርሃቱ መልስ ይቀንሳል።

የድሮው ትውስታ ግን አልጠፋም። አይጧን ወደ ሌላ ሳጥን ቢያዛውሯት፣ ወይም ጊዜ ቢያልፍ፣ ፍርሃቱ ይመለሳል። ፍርሃቱን በሕክምና የተሻገረ ሰው በአዲስ ቦታ ድንገት የሚያገረሽበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዚህ ነው «ማርገብ» የምለው። የረገበ የክራር ጅማት አልተበጠሰም፤ መልሶ ሊወጠር ይችላል። «መግታት» ፈረስን በልጓም ማቆም ነው፤ እዚህ ግን የሚቆም ነገር የለም፣ የሚላላ እንጂ። በዚያ ላይ ከባድ ጭንቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚዳከመው ራሱ ፕሪፍሮንታሉ ነው። በጣም የተናደደ ሰው «ተረጋጋ» ሲባል የማይሰማው አንድም በዚህ ነው።

«ስሜትን መቆጣጠር» በሬዲዮውም፣ በሐኪሙም፣ በእናቶችም አፍ ገብቷል፤ አልወደውም፣ ግን ስህተት ነው ልል አልችልም። ስለ ሰው ሲሆን፣ «ራሱን ተቆጣጠረ» ሲባል፣ እኔም እለዋለሁ። ስለ አንጎል ክፍሎች ሲሆን ግን ለተማሪዎችዎ እንዲህ ቢጽፉላቸው ደስ ይለኛል፦ «አሚግዳላ አደጋ የሚመስለውን ቶሎ ይጠቁማል፤ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ነገሩ አስጊ አለመሆኑን ሲማር የአሚግዳላን ምላሽ ያረግባል፤ አይሰርዘውም።»