ጋግሬ ነው የምጠብቃችሁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደወለችልኝ። የማድቤት ጭስና የሕፃናት ሳንባ ምች ላይ ልትሠራ ነው። "ጋሼ፣ በየቤቱ 24 ሰዓት ብለካ ይበቃኛል?" አለችኝ። "ይበቃል" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። "ነገ ልደውልልሽ" አልኳት፤ አልደወልኩም። ይኸው በስልኩ ፈንታ ደብዳቤ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ጎጃም ውስጥ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ምርጥ ምድጃ ሊታደል ነበር። መቼም ታውቁታላችሁ፤ የእንጀራ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው፣ ከሲሚንቶ የሚሠራው። የእኛ ቡድን ሥራ አርባ ቤቶች ውስጥ ጭሱን ከምድጃው በፊትና በኋላ መለካት፣ የሕፃናቱንም ሳልና አተነፋፈስ መከታተል ነበር። መለኪያውን ከእሳቱ አንድ ሜትር ያህል ርቀን፣ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ምስማር መትተን እንሰቅላለን። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት መጥተን እናወርዳለን።

በመጀመሪያው ዙር የሄድነው ሳንናገር ነው። ቤቱ የዚያን ዕለት የሚሠራውን ሲሠራ ነው የምንደርሰው። አንዱ ቤት ሽሮ ይንተከተካል፣ ሌላው ቤት ምጣድ ተጥዶ ጭሱ በሣር ክዳኑ በኩል ይወጣል። በሁለተኛው ዙር ግን "ሰው ማጉላላት ነውር ነው፣ ቀድመን እናስነግር" ተባባልን። ሐሳቡ የኔ ነበር። ጨዋነት መስሎኝ።

ቁጥሩ ሲመጣ ፈነጠዝን። ጭሱ በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። የሕፃናቱ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔም እንደ ዛሬው ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላልሞላው ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። የሚያስሉትም፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱትም ልጆች ቁጥር እንደ ድሮው ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከአንዲት እናት ቤት መለኪያውን እያወረድኩ ነው። ልጇን አዝላለች። እንጀራ በሞሶብ አቀረበችልን። "መቼ ጋግረሽ ነው ይሄ?" አልኳት፤ እሳቱ ዳር ምጣድ የለማ። ሳቀች። "እናንተ ትመጣላችሁ ሲሉኝ ትናንት ጠዋት ሳትደርሱ ጋግሬ ነው የምጠብቃችሁ። እንግዳ በጭስ ይቀበሏል እንዴ?" አለችኝ።

እንጀራውን በላሁ። የሰማሁትን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩትም። ሌሎቹን ሠላሳ ዘጠኝ ቤቶችም ተመልሼ አልጠየቅኩም። በሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ሌላ ነው፤ "ጭሱ ቀንሷል፤ ሳሉ ያልቀነሰው እናቶች ስለ ሳል የሚሰጡት መረጃ አስተማማኝ ባለመሆኑ ሊሆን ይችላል" የሚል። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ።

ጥፋቱ በቁጥር ሲታይ ምን ያህል ነው? ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፣ ከሪፖርቱ አይደሉም። አንድ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የማድቤቱ የ24 ሰዓት አማካይ ደቃቅ ብናኝ 1000 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው እንበል። በማይጋገርበት ቀን ደግሞ 300። በሳምንት ሁለቴ ይጋገራል። ሁለት ጊዜ 1000፣ አምስት ጊዜ 300፣ ድምሩ 3500። ለሰባት ቀን ሲካፈል 500 ይመጣል። የቤቱ እውነተኛ ጭስ ይሄ ነው። ሳትናገሩ በዘፈቀደ ቀን ብትሄዱ፣ የብዙ ቤቶች አማካይ ወደ 500 ይጠጋል። አስነግራችሁ ብትሄዱና ሁሉም ቀድመው ቢጋግሩ 300 ታገኛላችሁ። ምድጃው ምንም ሳይለውጥ አርባ በመቶ "ቀነሰ" ማለት ነው። የቀጠሮ ቅናሽ። ደግሞስ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓቱ አማካይ ከ15 እንዳያልፍ ነው የሚለው። 300ውም ቢሆን የምሥራች አልነበረም።

ምርጥ ምድጃ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ማገዶ ይቆጥባል፣ ሴቶቹም ይወዱታል። ግን ወጡ ያው ሦስት ጉልቻ ላይ ነው የሚሠራው። ያንንም የቆጠረው የለም።

የእናቴ ማድቤት ትዝ ይለኛል። ኩበቱ እርጥብ ሲሆን ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ጭሱ ዓይን ያጠፋ ነበር። እኔ ወደ ውጭ እሮጣለሁ፤ ታናሽ እህቴ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝላ ትቀራለች። ይሄን እያወቅኩ ነው እንግዲህ መለኪያውን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት። ግድግዳ ሳንባ የለውም። ጓቲማላ ተራሮች ላይ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሰጥቶ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ የማድቤቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ 90 በመቶ ሲወርድ ሕፃናቱ ላይ በተንጠለጠለው መለኪያ የታየው ቅናሽ ግን በግማሽ ገደማ ነበር። በሐኪም የተረጋገጠው ሳንባ ምች ላይም እርግጠኛ የሚያሰኝ ቅናሽ አልታየም፤ የቀነሰው ጠንከር ያለው ዓይነት ነው። ልጅ ማድቤት ብቻ አይውልም፤ ጎረቤትም ያጨሳል። ስለዚህ ልጁ እስከታዘለ ድረስ የእናቱ ነጠላ ላይ የተንጠለጠለ መለኪያ ስለ ልጁም ይናገራል። መሮጥ ከጀመረ በኋላ ግን ለየብቻ ናቸው።

የዛሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ያናድደኛል። መለኪያውን ሰቅላችሁ መኪና ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚያ ስልካችሁ ላይ መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ ታያላችሁ። አንድ ቀን አክንባሎ በተከፈተ ቁጥር መስመሩ ሲዘል ያየ ልጅ "ጭስ ነው" አለኝ። በብርሃን የሚቆጥር መሣሪያ የእንጀራውን እንፋሎትም እንደ ብናኝ ሊቆጥር እንደሚችል ቁጭ ብሎ ያላየ ሰው አያውቅም። ለዚህ ነው አጠገቡ ብናኙን ይዞ በሚዛን የሚመዘን ማጣሪያ አድርጋችሁ ማስተያየት ያለባችሁ።

መሣሪያ አማሁ እንጂ አንዱን እኔ ራሴ እመክራለሁ። ሙቀት የምትመዘግብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር አለች። ምድጃው ጎን ላይ ትለጠፍና ለሳምንታት ትተዋላችሁ። ምጣዱ የተጣደባቸው ቀኖች ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። ሰው እንግዳ ሲመጣ ጠባዩን ይለውጣል፤ እሷ ግን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም ትመዘግባለች። ከዚያ ከሚጋገርበት ቀንም ከማይጋገርበትም ለክታችሁ በቀኖቹ ቁጥር መመዘን ነው። ለቁልፏ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ እናቲቱን መጠየቅ ነው። እሷ ነጻ ናት።

እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልስ፦ 24 ሰዓት የሚበቃው የትኛው ቀን እንደሆነ ካወቅሽ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ በዚያ ቀበሌ ሳልፍ እዚያች እናት ቤት ጎራ አልኩ። ገበያ ሄዳ አላገኘኋትም። ያ ጀርባዋ ላይ የነበረው ልጅ በር ላይ ሆኖ አስገባኝ። የማድቤቱ ግድግዳ ጠቁሯል። የመታሁት ምስማር እዚያው ነው፤ ወንፊት ተሰቅሎበታል። ልጁ "ያንተ ነው እንዴ?" አለኝ።