ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሪቴንሽን

«ሽያጭ ክፍል ሪቴንሽናችን 95 በመቶ ነው ይላል፣ ሂሳብ ክፍል ደግሞ 80። ሁለቱም የሚያወጡት ከአንድ ሲስተም ነው። ለሥራ አስኪያጁ የትኛውን ላቅርብ?»

እህቴ፣ ሁለቱንም አታቅርቢ።

እኔ ሱሉልታ ያለ ወተት አከፋፋይ ጋር ነው የምሠራው። ደንበኞቻችን ካፌዎችና ሱቆች ናቸው። እኛም ጋ ሪቴንሽኑ፣ ማለትም ካለፈው ወር ደንበኞች ውስጥ በዚህ ወር የቆዩት በመቶኛ፣ እንዲሁ ይለያይ ነበር። እንዲቀል አጠጋግቼ ልንገርሽ። መስከረም ላይ 200 ደንበኛ ገዛ፣ ጥቅምት ላይ 190። ሽያጭ ክፍል 190ን ለ200 አካፍሎ 95 በመቶ አለ። ሂሳብ ክፍል ጠንቃቃ ነውና በጥቅምት የመጡትን 30 አዲሶች ቀነሰ። 160 ቀረ፣ 80 በመቶ። የተለመደውም ቀመር ይኸው ነው።

ቀመሩ የሚያስተማምነው ግን ደንበኛው ውል ይዞ ወር በወር ሲከፍል ነው። ካፌ ሳይሰናበት ይጠፋል፣ ሳይነግር ይመለሳል። ከ160ዎቹ ውስጥ 10ሩ ነሐሴ ላይ ገዝተው መስከረምን የዘለሉ ሆነው ተገኙ። አዲስ አይደሉም፣ ከ200ዎቹም ውስጥ የሉም። እነሱ ሲወጡ 150 ይቀራል፣ 75 በመቶ። አሥሩን «ተመላሽ» ብለን ለብቻ እንጽፋለን።

ይህ የተገኘው በመቶኛ በመከራከር አይደለም። ከሁለቱም ክፍል የደንበኞቹን ስም ዝርዝር ተቀበልንና በአንዱ ላይ ብቻ ያሉትን ለየን። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። እግረ መንገዱን ሌላ ጉድ ይወጣል። ለምሳሌ ሲስተሙ ደንበኛን በስልክ ቁጥር የሚለይ ከሆነ፣ ባለቤቱ ቁጥር ሲቀይር አንዱ ካፌ እንደጠፋም እንደ አዲስም ይቆጠራል። እኛ አሁን የምንቆጥረው ወተቱ የሚወርድበትን ቤት ነው።

የተስማማንበት አረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በወሩ ቢያንስ አንዴ ወተት ከተረከቡ ቤቶች ውስጥ፣ በተከታዩ ወር ቢያንስ አንዴ የተረከቡት በመቶኛ»። «ያዘዙ» አላልንም፣ ትዕዛዝ ይሰረዛል። «የከፈሉ»ም አላልንም፣ በዱቤ የሚወስድ ብዙ ነው። ከሥሩ የ200ው ምሳሌ ከነስሌቱ ተጽፏል። አዲስ ሠራተኛ 75 ካላገኘ የሆነ ነገር ስቷል ማለት ነው።

ወሩ የማን እንደሆነም ጻፉ። ሲስተሙ በፈረንጅ ወር ቆርጦ፣ ሽያጭ ክፍል በእኛ ወር ከቆረጠ መቼም አይገናኙም። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ወይም 12 ላይ ነው የሚውለው። ጳጉሜንም የትም ሳትገባ እንዳትቀር፤ እኛ ከነሐሴ ጋር ደምረናታል።

የእኛን ሥራ የሚያስቸግረው ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ብዙ ካፌ ወተት ይቀንሳል፣ የሚያቆምም አለ። በወር በወር ስሌት ሁሉም «ጠፋ» ይባላል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከጾሙ በፊት ባለው ወር የተረከቡትን፣ ከፋሲካ በኋላ ካለው ወር ጋር እናነጻጽራለን። ካለፈው ዓመት ጋር ስናስተያይም ጾምን ከጾም ጋር እንጂ መጋቢትን ከመጋቢት ጋር አይደለም፣ ምክንያቱም ጾሙ የሚገባበት ቀን ይለዋወጣል።

አረፍተ ነገሩን ስትለውጡ የቆዩትንም ወራት በአዲሱ አስሏቸው። ያለዚያ ሥራ አስኪያጁ ከ95 ወደ 75 ወረድን ብሎ ሽያጭ ክፍልን ይቆጣል።