ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት፦ ለወጣት የሰው ኃይል ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከሞጣም እየደወላችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ቶሎ አውጡ ተብለናል፣ ምን ብለን እንጻፍ?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን በሰው ኃይል ሥራ ነው ያሳለፍኩት። የማየውም ያው ነው። ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ይወጣል፣ የሥራ መደቡ ስም ይቀየራል፣ ማኅተም ይመታበትና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሰው ተቀጥሮ ሦስት ወር ሳይሞላው ሠራተኛውም አለቃውም ቅሬታ ይዘው የሚመጡት እናንተው ዘንድ ነው።

ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ አብረን እንፍታ። በቅርቡ በቡሬ አካባቢ ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ የምትሠራ ልጅ ረቂቅ ይዛ መጥታ ነበር። የሥራ መደቡ «የመጋዘን ኃላፊ» ይላል። ከሥሩ የተጻፈው ይኸው ነው፦ «በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ፣ በሎጂስቲክስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ ዲግሪ ያለው፤ 2 ዓመት ተዛማጅ የሥራ ልምድ፤ የኮምፒውተር ችሎታ፤ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ፤ ታታሪና ታማኝ፤ ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል።» ስለ ሥራው የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የመጋዘኑን ሥራ በኃላፊነት ይመራል፤ ሌሎች ከአለቃው የሚሰጡትን ሥራዎች ይሠራል።»

ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጅቷንም የጠየቅኳት ይህንኑ ነው። «ይህ ሰው ኅዳር ላይ ምን ይሠራል? ግንቦት ላይስ?» አልኳት። አላወቀችም። ከሥራው የሚለቀው ሰው ግን ገና ግቢው ውስጥ ነበር። ሂጂና አብረሽው ተቀመጪ አልኳት። የሥራ መዘርዝር የሚጀምረው ከቢሮ አይደለም፣ ሥራውን እጁ ላይ ካለው ሰው ነው።

ተመልሳ ስትመጣ ወረቀቷ ሞልቶ ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ከየመሠረታዊ ማኅበራቱ በቆሎ ይገባል። ሰውየው ያስመዝናል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል። ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ ማዳበሪያ ይመጣል፣ እስከ ሰኔ ድረስ ለማኅበራቱ ይታደላል። በቆሎውና ማዳበሪያው በአንድ አዳራሽ መቀመጥ የለባቸውም፣ ስለዚህ ማዳበሪያው ከመድረሱ በፊት ቦታ ማስለቀቅም የእሱ ሥራ ነው። በየሳምንቱ ነቀዝ፣ አይጥና የሚያፈስ ጣሪያ ይፈትሻል። ወር ሲያልቅ ከሒሳብ ክፍል ጋር ቆጠራ ያደርጋል። «በኃላፊነት ይመራል» የሚለው መስመር ይህን ሁሉ ደብቆት ኖሯል።

ከዚያ ተግባራቱን እንደገና ጻፍናቸው። እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚደረግ፣ በምን እንደሚደረግና ሲያልቅ ምን እንደሚታይ ይናገራል። አንዱን ላሳያችሁ። «በቆሎ ይረከባል» አላልንም። «ከመሠረታዊ ማኅበራት የሚመጣውን በቆሎ አስመዝኖ፣ እርጥበቱን በመለኪያ ለክቶ፣ ዩኒየኑ ከወሰነው በላይ እርጥበት ያለውን ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል፤ ለተቀበለው በዚያው ቀን የገቢ ደረሰኝ ቆርጦ ቢን ካርድ ላይ ይመዘግባል» አልን። ቢን ካርድ የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ ነው። መስመሩ ረዘመ፣ ግን ይታያል። ለክምችት የሚገባ በቆሎ እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ ሻጋታና ነቀዝ እንደሚፈጥንበት የሚያውቅ ሰው ይህን መስመር ሲያነብ ሥራው ይገባዋል። የማያውቅም እዚህ የሚለካ ነገር እንዳለ ይረዳል።

ስድስት ወይም ሰባት ዋና ዋና ተግባራት ይበቃሉ። ሃያ ከሆኑ የትኛው ዋና እንደሆነ ይጠፋል።

ተፈላጊ ችሎታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ተገልብጣችሁ ዲግሪውን ታስቀድማላችሁ። እኔ ለእያንዳንዱ መስፈርት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይህ ችሎታ የሌለው ሰው በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከተግባራቱ የትኛው መስመር ይበላሽበታል? መስመሩን በጣታችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ ያ ነገር ተፈላጊ አይደለም።

በዚህ ጥያቄ የልጅቷን ረቂቅ ፈተሽነው። ዲግሪው አላለፈም። ደረሰኝ ለመቁረጥ፣ ካርድ ለመመዝገብና ቆጠራ ለማድረግ በንብረት አስተዳደር ወይም በሒሳብ አያያዝ ደረጃ 3 ያጠናቀቀ ሰው ይበቃል። ዲግሪ ብንጠይቅ ሥራውን የሚችሉ የአካባቢው ልጆች ገና በምዝገባ ይወድቁ ነበር። የሞተር ሳይክሉ መንጃ ፈቃድም ከነአካቴው ወጣ። ከተግባራቱ አንዱም ወደ ቀበሌ ውጣ አይልም። ከየት መጣ ብንል፣ ከሌላ የሥራ መደብ ማስታወቂያ ተገልብጦ ነው።

«ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» እና «ተዛማጅ የሥራ ልምድ» የሚሉትን ሁለት ሐረጎች በተለይ ተጠንቀቁ። ክርክር የሚነሳው ከእነዚህ ነው። ኢኮኖሚክስ ለአካውንቲንግ ተመሳሳይ ነው? ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሠራ ሰው ልምዱ ለመጋዘን ይያዝለታል? ማስታወቂያው ካልመለሰው መላሹ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ደግሞ የአመልካቾቹን ስም አይቶ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ የተቀበላችኋቸውን መስኮች በስማቸው ዘርዝሩ። ልምዱንም እንዲህ ጻፉት፦ «ንብረት ተረክቦ በስሙ በካርድ እየመዘገበ 1 ዓመት የሠራ።» ከምረቃ በፊት የተገኘ ልምድ ይያዝ አይያዝ፣ ከግል ድርጅት የመጣ ማስረጃ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ አይረጋገጥ፣ ይህም እዚያው ይጻፍ።

«ታታሪና ታማኝ» የሚለውን አወጣነው። በወረቀት ታማኝ ያልሆነ አመልካች አይቼ አላውቅም። በምትኩ የግማሽ ሰዓት የተግባር ፈተና አዘጋጀን። ባዶ ቢን ካርድ እንሰጠዋለን። መነሻው 120 ኩንታል ነው፣ 45 ገባ፣ 60 ወጣ፣ 30 ገባ። ከወጪ ቀሪ 135 ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ደረሰኝ እንሰጠዋለን። 50 ጆንያ ገባ ይላል፣ የሚዛኑ ወረቀት ግን 48 ኩንታል ተኩል ነው የሚለው። እያንዳንዱ ጆንያ አንድ ኩንታል ይሆናል ብሎ 50 ኩንታል የሚመዘግብ አለ። የሚዛኑን መዝግቦ ልዩነቱን ዳር ላይ የሚጽፍም አለ። የትኛውን እንደምትቀጥሩ እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

ዋስ ማቅረብን፣ በምርት ወቅት ቅዳሜ መሥራትን፣ የሥራ ቦታውንና ደመወዙን ለብቻቸው አስቀምጧቸው። እነዚህ የሥራ ሁኔታዎች ናቸው እንጂ ችሎታዎች አይደሉም። ከችሎታ ጋር ሲቀላቀሉ አመልካቹም መልማዩም ይምታታባቸዋል።

አሁን «ቢኖረው የሚመረጥ» ወደሚለው ክፍል እንምጣ። ይህ ክፍል በአግባቡ ካልተያዘ ድካማችሁን ሁሉ ያበላሻል። እዚህ የሚገባው ሥራውን የሚያሻሽል፣ ግን ከተቀጠረ በኋላ በሙከራ ጊዜው ሊለመድ የሚችል ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የእርጥበት መለኪያ አጠቃቀም በጥቂት ቀን ይለመዳል፣ ስለዚህ ተመራጭ ውስጥ ገባ። ኤክሴልም እዚያው ገባ፣ መዝገቡ ገና በወረቀት ነውና። አዊኛ መናገርም ገባ፣ ከአዊ በኩል የሚመጡ አባል ገበሬዎችን ማስተናገድ ከተግባራቱ አንዱ ስለሆነ። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፤ የተጠየቀው ቋንቋው ነው፣ የትውልድ ቦታው አይደለም። አዊኛ የሚናገር ከየትም ይምጣ ነጥቡን ያገኛል።

ተመራጭ የሆነ ነገር ማንንም ከምዝገባ አያስወጣም። ተፈላጊውን ያላሟላንም አያስገባም። ልጆች፣ ይህን ካልያዛችሁ ክፍሎቹን መለየታችሁ ከንቱ ነው። ኤክሴል የሚችል ግን አንድ ቀን ንብረት ተረክቦ የማያውቅ ሰው «ግን እኮ ኮምፒውተር ይችላል» ተብሎ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚህ ዩኒየን ውስጥ ነጥቡን ማስታወቂያው ሳይወጣ ወሰንነው። የተግባር ፈተናው 60፣ ቃለ መጠይቁ 25፣ ተመራጭ ችሎታዎቹ በሙሉ 15። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ «ለእገሌ ትንሽ እንጨምርለት» የሚል ቢመጣ የሚያሳዩት ወረቀት አላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። መስፈርቱን ስትጨርሱ ራቅ ብላችሁ እዩትና በከተማችሁ ስንት ሰው ያሟላዋል ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያም ሰው ግቢያችሁ ውስጥ ካለ፣ ማስታወቂያው ለእሱ የተሰፋ ነው። ሕዝቡ ይህን ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ደግሞ እጃችሁ አጭር ነው። የትምህርት ደረጃውና የልምዱ ዓመት ከሥራ ምዘናው ጋር ተወስኖ ከላይ ነው የሚመጣላችሁ፣ ወረዳ ላይ መቀየር አትችሉም። የተግባራቱን ዝርዝር ግን ለቦታው ግልጽ ማድረግና ፈተናውን ከተግባራቱ ማውጣት ትችላላችሁ። ይህም ትንሽ አይደለም።

«ሌሎች ከአለቃው የሚሰጡትን ሥራዎች ይሠራል» የምትለዋ መስመርስ? ሙሉ በሙሉ አውጡ አልልም፣ ሥራ ሁሉ አስቀድሞ አይጻፍም። ግን እንዲህ አጥሯት፦ «ከንብረት መረከብ፣ ማስቀመጥና ማውጣት ጋር የተያያዙ ሌሎች ሥራዎችን ይሠራል።» ያኔ የመጋዘን ኃላፊው ዘበኛ ወይም ተላላኪ አይደረግም። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሲልም አለቃው ያን የተግባር ዝርዝር ይዞ መስመር በመስመር ይገመግመዋል፤ የጎደለ ካለ የትኛው መስመር እንደሆነ ለሠራተኛው ያሳየዋል። የመጀመሪያው የበቆሎ ወቅት ካለፈ በኋላም ዝርዝሩን ከሠራተኛው ጋር ተቀምጣችሁ እንደገና አንብቡት። በየቀኑ የሚሠራው ግን ያልተጻፈ ነገር ካለ ጨምሩት፣ ማንም የማይሠራው መስመር ካለ ሰርዙት፣ ቀኑን ጽፋችሁም ከማኅደሩ ጋር አያይዙት። ቀጣዩ ማስታወቂያ የሚጻፈው ከዚያ ወረቀት ነው።